ከውጭ ለሚመጣ የሰርግ እንግዳ ምን ተብሎ ይጻፍ? ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ

«እሁድ ጥር 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም።»

ይህን ጥሪ ፍኖተ ሰላም ላለ ሰው ብትሰጡት ሌላ ምንም አይጠይቃችሁም። ዴንቨር ተወልዶ ላደገው የአጎታችሁ ልጅ በቴሌግራም ብትልኩለት ግን መጀመሪያ የሚለው «2019 እኮ ካለፈ ቆየ» ነው። ጥር ማለት ጃንዋሪ ነው ብሎ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ጃንዋሪ 23 ይደርሳል፤ ከሰርጉ ስምንት ቀን ቀድሞ ማለት ነው። 1 ሰዓት የሚለውን ከምሳ በኋላ ብሎ ያነበዋል፣ እናም ተክሊሉ አልቆ ሰው ዳስ ውስጥ ሲበላ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ብቻውን ይቆማል። ጥሪው ላይ አንድም የተሳሳተ ቃል የለም። ችግሩ ጥሪው የተጻፈው ለአገር ቤት ሰው መሆኑ ነው።

አሁን አሁን ብዙ ሙሽሮች የሰርግ ዌብሳይት ወይም ቢያንስ አንድ የሚላክ ሊንክ ያዘጋጃሉ። ፎቶውና ሙዚቃው ያምራል፤ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለው ጽሑፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥሪ ካርዱ ተገልብጦ የተለጠፈ ነው። ዛሬ አንድ ሰርግ በምሳሌ ይዘን ያ ጽሑፍ ምን ምን ሊኖረው እንደሚገባ እናያለን። እንበል የሙሽሪት ቤተሰብ ፍኖተ ሰላም ነው፣ የሙሽራው ቡሬ፤ በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። እንግዶቹ ከዴንቨር፣ ከዋሽንግተንና ከለንደን ይመጣሉ።

ቀኑ

ከውጭ የሚመጣ ሰው ትኬት የሚቆርጠው ወራት ቀድሞ ስለሆነ ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ መንቀሳቀስ የለበትም። ለኦርቶዶክስ ሰርግ ቀን የሚወስነው ደግሞ ጾም ነው። በእኛ አገር የሰርግ ወቅት የሚባለው በዋናነት ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው ጊዜ ነው። የጊዜው ርዝመት ግን በየዓመቱ ይለያያል፣ ምክንያቱም ጥምቀት ሁሌም ጥር 11 ሲሆን የፋሲካ ቀን ይዞራል።

በ2018 ዓ.ም. ጾመ ነነዌ የገባው ጥር 25፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ የካቲት 9 ነው። በ2019 ፋሲካ ወደ ሚያዝያ 24 ስለሚዘገይ ነነዌ የሚገባው የካቲት 15፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ነው። እንግዲህ በ2019 ሰርጉንም መልሱንም ለማስገባት ሰፊ ጊዜ አለ። በ2018 ግን እሁድ ጥር 24 ሰርግ አድርጎ ሰኞ መልስ ልጥራ ያለ ሰው ነነዌ ላይ ይወድቅ ነበር፤ ሥጋ የሌለው መልስ!

ለእንግዳው የሚጻፈው ቀን በፈረንጆቹ ይሁን፤ የእኛው በቅንፍ ይከተል። የእኛ ምሳሌ እሁድ ጥር 23 ቀን 2019 ሲሆን በእነሱ እሁድ ጃንዋሪ 31, 2027 ነው። የሳምንቱን ቀን መጻፍ አትርሱ። ቁጥሩን ስትቀይሩ ብትሳሳቱ «እሁድ» የሚለው ቃል ያጋልጣችኋል፣ እንግዳውም ስልኩ ላይ አይቶ አልገጥም ሲለው ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጥር 11 ጃንዋሪ 19 ነው ብለን ስለለመድን ሁሌም እንደዚያ ይመስለናል። የ2019 ጳጉሜን ግን 6 ቀን ስላላት የ2020 አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፣ የ2020 ጥምቀትም ጃንዋሪ 20, 2028 ይሆናል። ልዩነቱ የሚስተካከለው በ2028 ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ የዘንድሮን ሰርግ ጽሑፍ ገልብጦ ለቀጣዩ የሚጠቀም ሰው በአንድ ቀን ሊሳሳት ይችላል። በአንድ ቀን የተሳሳተ እንግዳ ደግሞ ሰርግ ያመለጠው እንግዳ ነው።

ሰዓቱ

ስድስት መደመር ወይም መቀነስ ነው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በስልኩ 7:00 ነው፣ ማታ 1 ሰዓት ደግሞ 19:00። ለእንግዳው ግን «ስድስት ደምር» ብሎ ሕግ መስጠት አይበጅም፤ ደምሮ የመጣውን ሰዓት ሌላ ሰው መልሶ ያስደምረዋል። የተሻለው መጀመሪያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ ነው፦ «እዚህ የተጻፈው ሰዓት ሁሉ አዲስ አበባ ስትደርሱ ስልካችሁ የሚያሳየው ሰዓት ነው»። ከዚያ 13:00፣ 19:00 እያሉ በ24 ሰዓት መጻፍ። አገር ቤት ሲደርስ «ሰባት ሰዓት ላይ እንገናኝ» የሚለው ሰው መምጣቱ ስለማይቀር ግን «ሰው በቃል ሰዓት ሲነግራችሁ የስልካችሁን ሰዓት አሳይታችሁ አረጋግጡ» የሚል መስመር ይጨመርበት።

በስልክ ካላንደር ላይ የሚገባ ቀጠሮ የምትልኩ ከሆነ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉት። ዴንቨር ያለው ልጅ ቀጠሮውን ሲከፍት «ቅዳሜ 9 ፒኤም» የሚል ያያል፤ በጃንዋሪ ዴንቨር ከእኛ 10 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች ነው። ደንግጦ ቢደውል አትገረሙ። ቦሌ ሲደርስ ስልኩ ራሱ ወደ እሁድ 7:00 ይቀይረዋል፤ ይህንንም ጻፉለት።

ከሁሉም የሚያሳስተው ሌሊት ነው። እኛ ቀን የምንቀይረው ሲነጋ ነው፣ ስልክና ትኬት ግን እኩለ ሌሊት ላይ ይቀይራሉ። ትኬቱ «ሐሙስ 00:30» የሚለውን በረራ እኛ «ረቡዕ ለሐሙስ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል» እንለዋለን። ከቦሌ ወደ ውጭ የሚነሱ ብዙ በረራዎች ደግሞ ማታና ሌሊት ናቸው። እንግዳው ለሾፌሩ «ሐሙስ ሌሊት ነው የምሄደው» ቢለው ሾፌሩ የሚመጣው ሐሙስ ማታ ነው፤ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ሲል። መፍትሔው ለሾፌሩ ትኬቱን ሳይሆን «ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከሆቴል ውሰደኝ» የሚለውን መንገር ነው።

የሰርጉ መርሐ ግብር ላይ ደግሞ እንግዳው የየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት አለበት። የሰርግ ዳስ ሁለት ነው። የሙሽራው ወገን ቡሬ ተሰብስቦ ሙሽራውንና ሚዜዎቹን አጅቦ ወደ ፍኖተ ሰላም ይመጣል፣ የሙሽሪት ወገን እዚያው ይቀበላል። በር ላይ ሴቶች እየዘፈኑ ሰርገኛውን አላሳልፍ ሲሉ የውጭ እንግዳ እውነተኛ ጠብ ሊመስለው ይችላል። «ጨዋታ ነው፣ መጨረሻው መግባት ነው» ብላችሁ ጻፉለት። ከምሳ በኋላ ሙሽሪት ወደ ቡሬ ትሄዳለች፣ እራት እዚያ ነው። ይህን ሁሉ ሳታብራሩ «ምሳ 6 ሰዓት ተኩል» ብቻ ብትሉ የሙሽራው የሥራ ባልደረባ ከለንደን መጥቶ የማያውቃቸው ሰዎች ዳስ ውስጥ ይቀመጣል። አይራብም፣ ይህን እናረጋግጣለን፣ ግን አጀቡ ያመልጠዋል።

መልስም አለ። ውጭ ያደገ ሰው ሰርግ የአንድ ቀን ነገር ስለሚመስለው ለሰኞ ማታ የመመለሻ ትኬት ይቆርጣል። የእኛ ምሳሌ ላይ መልሱ ማክሰኞ ጥር 25 (ፌብሩዋሪ 2) ነው፤ ረቡዕ የጾም ቀን ስለሆነ ወደዚያ አይገፋም። ስለዚህ ጽሑፉ ከላይ፣ ከሁሉም በፊት «የመመለሻ ትኬታችሁን ከሐሙስ ፌብሩዋሪ 4 በፊት አትቁረጡ» ማለት አለበት።

ልብሱ

ልብስ ላይ የሚፈጠረው ስህተት ከጨዋነት የሚመጣ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ለሰርግ የተጠራች ሴት ነጭ አትለብስም፤ ነጭ የሙሽሪት ብቻ ነው፣ ለብሶ መገኘት እንደ ነውር ይቆጠራል። እኛ ጋ የተገላቢጦሽ ነው። ዳሱ ሁሉ ነጭ ነው፤ ነጠላ፣ ቀሚስ፣ ጋቢ፣ ኩታ። ስለዚህ ምንም ካልተነገራት እንግዳዋ አክብሮቷን ለማሳየት ነጩን ትታ ያማረ ጥቁር ቀሚስ ይዛ ትመጣለች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሰች ሴት ደግሞ ለገጠር እናቶች ሐዘንተኛ ናት። ፊት ለፊት ማንም ምንም አይላትም፤ ከኋላ ግን «ምነው፣ ማን ሞቶባት ነው?» መባሉ አይቀርም። አንድ መስመር ይበቃል፦ «ነጭ መልበስ ይቻላል፣ እንዲያውም ደስ ይለናል፤ ሙሉ ጥቁር ቀሚስ ግን እዚህ የሐዘን ነው»። ለወንዶች ጥቁር ሱፍ ችግር የለውም።

ለቤተ ክርስቲያኑ ለብቻው ጻፉ። ሴቶች ራሳቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ ቀሚስ ይለብሳሉ። ሱሪ ለብሳ የምትመጣ ሴት በር ላይ ልትመለስ ትችላለች። ጫማ ስለሚወለቅ ማሰሪያው ብዙ የሆነ ጫማና የተቀደደ ካልሲ አይመከርም። ተክሊል ከቅዳሴ ጋር ስለሚሆን ለረጅም ሰዓት መቆም አለ፤ ስለ ሰዓቱና ስለ ፎቶ አስቀድማችሁ ደብሩን ጠይቁና መልሱን ጻፉ።

ነጠላ ለማያውቅ ሰው አለባበሱም ትርጉም እንዳለው ንገሩት። ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፊት ተደርጎ ሲለበስ የለቅሶ ነው፤ ለደስታ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ፎቶ አይቶ ከመልበስ አንዲት አክስት ብታለብሳት ይሻላል። ነጠላውንም እዚሁ አዘጋጁላቸው። ባሕር ዳር ገበያ ወርደው ልግዛ ቢሉ የእናንተን ቅዳሜ ይበሉባችኋል።

የአየሩን ነገር በሁለት መስመር ጨርሱት። ፍኖተ ሰላም 1900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በጥር ቀኑ ፀሐይና አቧራ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ሹል ተረከዝ ያለው ጫማ የዳስ አፈር ውስጥ ይሰምጣል።

መንገዱ

እንግዳው ስልኩ ላይ Bure ብሎ ሲፈልግ ኢሉባቦር ያለችው ቡሬ ወይም አፋር ውስጥ በአሰብ መንገድ የኤርትራ ድንበር ላይ ያለችው ቡሬ ልትመጣበት ትችላለች። የእኛዋ አንዳንዴ Burie ተብላ ትጻፋለች። ፍኖተ ሰላምም Finote Selam፣ Finoteselam እየተባለች በየዓይነቱ ትገኛለች። ድሮ ወጀት ይሏት ስለነበር ውጭ የኖሩ አዛውንቶች በዚያ ስም ሊጠሯት ይችላሉ፣ ማፕ ግን ወጀትን አያውቅም። ስለዚህ ስም ብቻ አትጻፉ፤ ዳሱ የሚተከልበት ቦታ ላይ ራሳችሁ ቆማችሁ የስልካችሁን ፒን ያዙና እሱን ላኩ። ፒኑ ትክክል ከሆነ የፍኖተ ሰላሙ በ10.7 እና በ37.27 አካባቢ ይጀምራል፤ የቡሬው ደግሞ በ10.7 እና በ37.07። ቁጥሩ ከዚህ የራቀ ከሆነ የላካችሁት ሌላ አገር ነው።

መምጫው ሁለት ነው። አንደኛው ከአዲስ አበባ በመኪና፣ ወደ ፍኖተ ሰላም 385 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ በጎሃ ጽዮን የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ወደ ደጀን ወጥቶ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫና በጅጋ በኩል። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ስለሚወርድ ጠመዝማዛው ሆድ ያገላብጣል፤ ከ14 ሰዓት በረራ በኋላ በማግስቱ ይህን መንገድ ማስጀመር ግፍ ነው። ሁለተኛው እስከ ባሕር ዳር በረራ፣ ከዚያ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና በዳንግላ፣ በኮሶበርና በቡሬ በኩል። ልብ በሉ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ መጀመሪያ ፍኖተ ሰላምን ያገኛል፣ ከባሕር ዳር የሚመጣ ደግሞ ቡሬን። የሙሽራው እንግዳ በባሕር ዳር ቢመጣ ቡሬ ላይ ይወርዳል፣ 25 ኪሎ ሜትር አልፎ መመለስ የለበትም።

ለዴንቨሩ ልጅ የምንመክረው ይህን ነው። ሐሙስ ጃንዋሪ 28 አዲስ አበባ ገብቶ ያርፋል፣ አርብ ወደ ባሕር ዳር ይበርራል፣ ቅዳሜ ጠዋት 8:00 (በእኛ 2 ሰዓት) ከሌሎች እንግዶች ጋር በተዘጋጀው ሚኒባስ ይነሳል። በማታ አይጓዝም። ሚኒባሱን «ጋሼ ይወስዷችኋል» ብሎ መተው አይበቃም፤ የሾፌሩ ሙሉ ስም፣ ሁለት ስልክ ቁጥርና ታርጋው ይጻፍ። የመጨረሻዋን አንድ ኪሎ ሜትር በምልክት ንገሩት፤ የትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ የትኛው ነዳጅ ማደያ፣ በቀኝ ወይስ በግራ። ለባጃጅ ሹፌር የሚያሳየው ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ አንድ መስመር ይኑረው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ይህን የሰርግ ጽሑፍ ላይ ማንሳት ደስታ ማደብዘዝ ይመስላል፣ ዝም ማለት ግን የባሰ ነው። አሜሪካና እንግሊዝ ዜጎቻቸውን ስለ ክልሉ በግልጽ አስጠንቅቀዋል፤ ከመንግሥቱ ምክር ውጭ የተጓዘ ሰው የጉዞ ኢንሹራንሱ ላይሠራለት ይችላል። እንግዳው ይህን አውቆ ራሱ ይወስን። ቤተሰቡ ደግሞ ሁለት ነገር ይወስን፦ መንገዱ ካልሆነ እንግዶቹ የሚስተናገዱበት ሌላ ቦታ (ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ የሚደረግ መልስ) እና ውሳኔው የሚነገርበት ቀን። «ሁኔታውን አይተን እናሳውቃለን» ማለት ዴንቨር ላለ ሰው ምንም አይጠቅመውም። «ረቡዕ ጃንዋሪ 27፣ እስከ 18:00 ድረስ እንነግራችኋለን» ማለት ግን ይጠቅመዋል። ሌላም አለ፤ በገጠር ሰርግ ለደስታ ጥይት መተኮስ የቆየ ልማድ ስለሆነ የሚተኩስ ዘመድ ካላችሁ ከወዲሁ አስቁሙ፣ ዛሬ እንግዳውም ጎረቤቱም የሚሰማው ሌላ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ሰብስበን ስንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«እንኳን ደህና መጣችሁ! ሰርጋችን እሁድ ጃንዋሪ 31, 2027 ነው (በእኛ ጥር 23 ቀን 2019)። መልስ ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 2 ስለሆነ የመመለሻ ትኬታችሁን ከሐሙስ ፌብሩዋሪ 4 በፊት አትቁረጡ። እዚህ የተጻፈው ሰዓት ሁሉ አዲስ አበባ ስትደርሱ ስልካችሁ የሚያሳየው ነው።

ቅዳሜ 8:00 ከባሕር ዳር በሚኒባስ እንነሳለን። የሙሽራው እንግዶች ቡሬ ይወርዳሉ፣ የሙሽሪት እንግዶች ፍኖተ ሰላም።

እሁድ 7:00 ተክሊል፣ ፍኖተ ሰላም። መገኘት የምትፈልጉ የሙሽራው እንግዶች 5:45 ከቡሬ መኪና አለ፤ የቀራችሁት 11:00 ላይ ከአጀቡ ጋር ትመጣላችሁ። 12:30 አጀቡ ሙሽሪት ቤት ይደርሳል፣ ምሳ ከዚያ በኋላ ነው። 15:30 ሁላችንም ወደ ቡሬ፣ 18:30 እራት።

ልብስ፦ ነጭ ልበሱ፣ እዚህ የሁላችንም ነው። ሙሉ ጥቁር ቀሚስ የሐዘን ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ረጅም ቀሚስ፤ ነጠላ እኛ እንሰጣችኋለን። ዝቅ ያለ ጫማ፣ ለማታ ሹራብ።

መንገድ፦ መሄድ የማይቻል ከሆነ ረቡዕ ጃንዋሪ 27 እስከ 18:00 እንነግራችኋለን፤ ያኔ አዲስ አበባ እንገናኛለን።»

ጽሑፉን ዌብሳይቱ ላይ ብቻ አትተዉት። ኔትወርክ በሌለበት ሊንክ አይከፈትም፤ ስለዚህ ያንኑ በፎቶ አድርጋችሁ ላኩላቸው፣ ማፑንም ከቦሌ ሳይወጡ ስልካቸው ላይ እንዲያወርዱ ንገሯቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ለሚቀመጡት አዛውንቶች ደግሞ በትልልቅ ፊደል የታተመ አንድ ወረቀት ይሰጣቸው።